ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምትውል ሰው የአንድ ሳምንት ምግብ፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ መልሶች

ጥያቄው

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ፣ አንድ ቢሮ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት 11፡45 ከቤት እወጣለሁ። ማታ ስገባ 1፡30፣ አንዳንዴም 2 ሰዓት ይሆናል። ታክሲ ውስጥ እቀመጣለሁ፣ ቢሮ እቀመጣለሁ፣ ስመለስም እቀመጣለሁ። ቀኔ ይኸው ነው።

አበላሌን ልንገራችሁ። ጠዋት ምንም አልቀምስም። 4 ሰዓት ላይ ሁለት ሳምቡሳና ስኳር የበዛበት ሻይ። 6፡30 ላይ ቢሮ አጠገብ ካለች ቤት በያይነት እበላለሁ፤ እንጀራም አስጨምራለሁ። 8 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ይከደናል። አንዱን ዓምድ ሦስት ጊዜ ደምሬ ሦስት የተለያየ ቁጥር ያገኘሁበት ቀን አለ። ማታ ርቦኝ እገባለሁ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በጥድፊያ ሽሮ ሠርተን 3 ሰዓት ላይ እንበላና እንተኛለን። በአንድ ዓመት 7 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ሆዴ ይነፋል፣ ድርቀትም አለብኝ።

ቤት ውስጥ ባለ ሁለት ምድጃ ስቶቭና ፍሪጅ አለኝ። መብራት ግን ይጠፋል። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ምግብ ለመሥራት በእርግጠኝነት ጊዜ የማገኘው እሁድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ሰዓት ያህል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከሰኞ እስከ እሁድ ምን ልብላ? እንዴትስ ላዘጋጀው?

መልሶቹ

ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ አባባል ልተርክላችሁ። አንዳንዱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። 3ኛው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሳምንቴን የለወጠው እሱ ነው።

1ኛው ከየካ አባዶ የጻፈ ወንድም ነው። በጨዋ ደንብ ሰላምታ አቅርቦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ቢሮ ማይክሮዌቭ እንዳለን። የለንም አልኩት። እንግዲያው ምሳሽ ከ11፡45 እስከ 6፡30 ቦርሳ ውስጥ ስለሚቆይ መጀመሪያ እሱን አስቢበት ብሎ ወጣ። ያን ጊዜ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።

2ኛዋ ጥያቄዬን ክብደት መቀነሻ የምፈልግ አድርጋ ነው የተረዳችው። የሽፈራው ቅጠል አፍልቼ ጠዋትና ማታ እንድጠጣ መከረችኝ። እሷ በሦስት ወር ቀንሳለች። ምግብ ግን ለውጣ እንደሆነ ስጠይቃት፣ እራት ትታ እንደነበር ነገረችኝ። እንግዲህ የቀነሰችው በሽፈራው ይሁን እራት በመተዉ እሷም አላወቀችም።

3ኛዋ ከለገጣፎ ናት። ሆስፒታል ውስጥ ለታካሚዎች የሚወጣውን ምግብ ስትቆጣጠር ብዙ ዓመት የሠራች የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። ከምክር በፊት አንድ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ አቀረበችልኝ፦ 3 ሊትር የዘይት ጀሪካን ስንት ቀን ያቆያችኋል? ከወንድሜ ጋር ተያይተን አንድ ወር አልናት።

ሒሳቡን እዚያው ሠራችው። 3 ሊትር ለ30 ቀን ለሁለት ሰው ሲካፈል በቀን ለአንድ ሰው 50 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበልጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ስለዚህ በቀን ወደ 400 ካሎሪ በዘይት ብቻ እወስዳለሁ ማለት ነው። እሱም ምሳዬን ውጪ እየበላሁ፣ ሳምቡሳውም ሳይቆጠር። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ይህን ደምሬው አላውቅም ነበር።

ቀጥላ ዘይቱ ለምን እንደሚበዛ ገለጠችልኝ። ሽንኩርት ያለ ዘይት ቀስ ብሎ ሲቁላላ ጊዜ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ቆመው ማማሰልም ግድ ነው። ዘይት ሲበዛበት ግን ቶሎ ይጠበሳል፣ ድስቱንም አይዝም። ማታ 2 ሰዓት ርቦት የገባ ሰው ጊዜ የሚቆጥበው ዘይት እየጨመረ ነው። ስለዚህ ችግርሽ የምግብ ዓይነት አይደለም፣ ቁሌቱ የሚሠራበት ሰዓት ነው አለችኝ። ቁሌቱ እሁድ ይሠራ፤ ከሰኞ ጀምሮ ማታ ማታ የሚቀረው ሽሮውን ወይም ምስሩን መጨመር ብቻ ይሁን።

አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ጻፈችልኝ። 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፋል። ያለ ምንም ዘይት ሰፊ ድስት ውስጥ ይገባና መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዳል። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል። ውሃው ሲያልቅ ድስቱን መያዝ ይጀምራል፤ ያኔ ዘይት ሳይሆን አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል። መድረሱ የሚታወቀው ሽንኩርቱ ሟሙቶ ማማሰያው ሲያልፍበት የድስቱ ቂጥ ለአፍታ ሲታይ ነው። ዘይት የሚገባው ያን ጊዜ ነው፤ በቡና ስኒ ሁለት። ሁለቱ ስኒ አንድ ላይ አሥር የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሆናል። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል። ትልቁ ክፍል በርበሬ ገብቶበት ጠብ ጠብ እየተደረገለት ይቁላላል። ትንሹ በእርድ አልጫ ይሆናል።

ከዚህ አምስት ዕቃ ይወጣል፤ ሦስት ቀይ፣ ሁለት አልጫ። አንዱ ዕቃ ለሁለታችን እራትና ለእኔ የነገ ምሳ፣ ማለትም ለሦስት ሳህን ይበቃል። አሥሩን ማንኪያ ዘይት ለ15 ሳህን ስታካፍሉት ለአንዱ ሳህን አንድ ማንኪያ እንኳ አይደርስም። ቁሌቱ ድስቱ ውስጥ እንዳለ አድሮ መቀዝቀዝ የለበትም። ትሪ ላይ ሳሳ ብሎ ተዘርግቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ መግባት አለበት። ሦስቱ ዕቃ ከታች ይቀመጣል፣ ሁለቱ ፍሪዘር ይገባል። ፍሪጅ ያለው ከረቡዕ ማለፍ የለበትም።

ሳምንቱን እንዲህ አወጣችልኝ። እሁድ ማታ ምስር ወጥ፤ የተረፈው የሰኞ ምሳ ነው። ሰኞ ማታ ድንች፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን በአልጫው ቁሌት፤ የተረፈው ለማክሰኞ ምሳ፣ ከአንድ ቅቅል እንቁላል ጋር። ማክሰኞ ማታ ሽሮ፤ እሱው ለረቡዕ ጾም ይሆናል። ረቡዕ ጠዋት ክኩን ዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ መውጣት፤ ማታ ክክ አልጫ ይሠራና ሐሙስም ይበላል። ሐሙስ ማታ እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ፤ ጎን ለጎን ለዓርብ ድፍን ምስር ተቀቅሎ አዚፋ ይሠራል። ዓርብ አዚፋ። አምስተኛው ዕቃ መጠባበቂያ ነው፣ አይነካም። ቅዳሜ ሥጋ ካማራችሁ ትንሽ ጥብስ ከብዙ ሰላጣ ጋር። እሁድ ምሳ ቤተሰብ ጋር ከሄድኩ የቀረበልኝን እንድበላ ነገረችኝ፤ እሱን ቁጥር ውስጥ አላስገባችውም።

ለ4 ሰዓት በሳምቡሳው ፈንታ የሽምብራ ንፍሮ አዘዘችልኝ። ቅዳሜ ማታ ተዘፍዝፎ እሁድ ቁሌቱ ሲሠራ በሁለተኛው ምድጃ ላይ ይቀቀላል። እስከ ረቡዕ ይቆያል። ሐሙስና ዓርብ ቆሎ። ለድርቀቱም ንፍሮውና ጎመኑ ይበጃሉ፤ ግን ውሃ ካልጠጣሽ ይብስብሻል ብላ አስጠነቀቀችኝ። ይህን ልብ በሉት፤ እኔ ታክሲ ላይ ሽንት እንዳይመጣብኝ ብዬ ውሃ የምሸሽ ሰው ነበርኩ።

4ኛው ከሰበታ፣ ጂም የሚሠራ ወጣት ነው። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው እንጀራ አያወፍርም፣ የፈለግሽውን ያህል ብይ፣ የሚያወፍረው ዳቦ ነው አለ። ስኳሩን ከሻይ አውጪ የሚለውም ምክር የእሱ ነው፤ በዚህ ላይ የተቃወመው የለም። በቀን ሦስት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር እንደምጠጣ የነቃሁት እሱ ሲጠይቀኝ ነው።

5ኛው ላይ የለገጣፎዋ ተመልሳ መጣች። ጤፍ ግሉተን እንደሌለው አመነችለት። ግን እሱ የሚጠቅመው ግሉተን ለማይስማማው ሰው ነው። በሚሰጠው ጉልበት ጤፍ ከስንዴ ብዙም አይለይም። ስለዚህ እንጀራ አትተዪ፣ ግን ቁጠሪው አለችኝ። አንዱን እንጀራ ለአራት ቆርጬ ምሳ ዕቃው ጎን ለብቻው በላስቲክ እንድይዝ፣ መጀመሪያ ጎመኑንና ምስሩን ጀምሬ እንጀራውን በኋላ እንዳደርስ ነገረችኝ። ሰበታው ተቆጣ። የሆስፒታል ሰዎች ሁሉን ነገር በቁጥር እያስፈራሩ ሰውን ከማዕድ ያርቃሉ ብሎ ጻፈ። እሷ አልመለሰችለትም።

6ኛዋ ትልቅ እናት ናቸው። ከአቃቂ ነው የጻፉት። በፍቅር ጀምረው በቁጣ ጨረሱ። የአምስት ቀን ቁሌት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ መብላት ምግብ ሳይሆን መድኃኒት መዋጥ ነው አሉ። ወጥ የዕለቱ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱና መከለሻው ያደረ እንደሆነ ሽታው ይለወጣል፣ እንግዳ ፊት አይቀርብም። በርበሬ ደግሞ በደንብ ካልተቁላላ ጨጓራ ይልጣል፤ የዘንድሮ ልጆች ሁለት ደቂቃ አማስለው ውሃ ይቸልሱበታል ብለው ወቀሱን።

7ኛው መልስ አሳፈረኝ። አንድ ልጅ፣ በእርስዎ ጊዜ ሠራተኛ ነበረች፣ ዛሬ ማን አለ፣ እርስዎ ሜክሲኮ ተሰልፈው ያውቃሉ ወይ በሚል መንፈስ ጻፈባቸው። 8ኛው ደግሞ እናትን እንዲህ አይናገሩም ብሎ ገሠጸው። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን ነገሩ ያኔ ወደ ሽንኩርት ዋጋ ሄደ። ከእሁድ ገበያ መግዛት ይሻላል፣ አይሻልም፣ እዚያ የሚመጣው የረጠበ ነው፣ ክምር ውስጥ የገባ ሽንኩርት ከሥሩ ሲጫኑት እሺ ካለ አትግዙ። ከዚያም የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንት ሰዓት ይቁላላ የሚለው መጣ። አሥራ ምናምን አስተያየት በዚያ ላይ ብቻ አለቀ። ደስ የሚል ክርክር ነበር፤ እዚህ ግን ልተወው።

9ኛው ለእናታችን የሰጠችው የባለሙያዋ መልስ ነው። እውነታቸውን ነው አለች። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና መከለሻ እሁድ እንዳይገቡ፣ በየዕለቱ ድስቱ ሲጣድ ትኩስ እንዲጨመሩ ዝርዝሩን አስተካከለች። የበርበሬውን መቁላላት እሁድ ጊዜ ሲኖር በደንብ መጨረስ ግን ከእሳቸው ሐሳብ ጋር እንደሚሄድ አስረዳች። እማማ በዚህ ተስማሙ፤ ስለ ፍሪጁ ግን አልተስማሙም። እስከ ዛሬም አልተስማሙም።

10ኛው ስለ ረቡዕና ዓርብ የተነሣ ጥያቄ ነው። አንድ ዲያቆን የሆነ ወንድም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ረቡዕ ምሳ 6፡30 ተብሎ እንደተያዘ አይቶ፣ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ይህ እንዴት ይሆናል አለ። ትክክል ነው፣ እኔም 9 ሰዓት ነው የምፈታው። እስከዚያ ድረስ ቢሮ ውስጥ ችዬ እቆይና 9 ሰዓት ላይ ያገኘሁትን ሁሉ እበላለሁ። ማታ 3 ሰዓትም እደግማለሁ። በጾም ቀን ከፍስኩ ቀን የበለጠ እበላ ነበር ማለት ነው።

11ኛው ከፉሪ የጻፈ ሙስሊም ወንድም ነው። እሱ ሰኞና ሐሙስ ነው የሚጾመው። ሲያፈጥር በውሃና በሦስት ተምር ጀምሮ ይሰግዳል፣ ማዕድ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ መሃል ያለችው ጊዜ ትልቅ ነገር ናት አለኝ፤ ሆዱ ሳይቸኩል እንዲበላ አድርጋዋለች። ባለሙያዋም ይህን ወደደችው። ለእኔ 9 ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ እፍኝ ንፍሮ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ሽሮው በግማሽ እንጀራ፣ ማታ ደግሞ ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ አቮካዶ በሎሚ ወይም በሶ እንዲሆን አደረገችው። ቡናውን ደግሞ ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቂው አለች፤ በጾም ቀን ብረት የሚገኘው ከምስርና ከሽሮ ነው፣ ቡናና ሻይ አብረው ከተጠጡ ሰውነት ከእሱ የሚወስደውን ይቀንሱበታል። ሎሚና ቃሪያ ግን ያግዙታል።

12ኛው የራሱን ታሪክ ነገረን። የስኳር ሕመም አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። እንደ እኔ እስከ 9 ሰዓት ለመጾም ሞክሮ ከቢሮ ወደ ሳሪስ ሲመለስ ታክሲ ውስጥ ላብ አጥምቆት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሳንቲም መቁጠር አቃተው። ረዳቱ የሰከረ መስሎት ሊያወርደው ነበር። አንዲት እናት ከቦርሳቸው ለስላሳ አውጥተው አጠጡት። ይህን ዝርዝር እንዳለ ልከተል ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለሙያዋ አጥብቃ አትከተል አለችው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው የምግብ ሰዓቱን የሚለውጠው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ነው። ዲያቆኑም የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች ብሎ ጨመረ።

13ኛዋ የሥራ ባልደረባዎቼን የምታውቃቸው ይመስል ነበር። ምሳ ዕቃ ይዛ መሄድ ስትጀምር ሁሉም ክብ ሠርተው በአንድ ላይ ነው የሚበሉት። የእሷ ጎመን በአንድ ጉርሻ ያልቃል፣ ለእሷ የሚደርሳት የሰው ፍርፍርና ዱለት ነው። ለብቻ መብላት ደግሞ አይሆንም፣ ነውር ነው። መፍትሔዋ ጎመንና ሰላጣ በድርብ ይዞ መሄድ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሁለት ባልደረቦቿም ጎመን ማምጣት ጀመሩ። ይህን ሳነብ ብቻዬን አለመሆኔ ደስ አለኝ።

14ኛው የእኔ ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ተመልሼ ጻፍኩ።

እሁድ የሁለት ሰዓቱ ሥራ ሁለት ሰዓት ከ40 ፈጀ። ሽንኩርት መክተፉ ብቻ ሃምሳ ደቂቃ ወሰደ፤ ወንድሜ ዓይኑ እያነባ ግማሹን ከተፈልኝ። ቁሌቱ ግን እንደተባለው ሆነ። ድስቱ መጀመሪያ ውሃ ሞላ፣ ከዚያ ደረቀ፣ ከዚያ ያዘ። እጄ ሁለት ጊዜ ወደ ጀሪካኑ ሄዶ ተመለሰ።

ሰኞና ማክሰኞ ጥሩ ነበሩ። ማታ ገብቼ እራት ለማቅረብ ድንቹ 25 ደቂቃ፣ ሽሮው 15 ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀብኝ። ስለዚህ 2፡30 በልተን ጨርሰናል። ከምሳ በኋላ ወንበሬ ላይ ሳልመለስ እስከ አደባባዩ ደርሼ 15 ደቂቃ በእግሬ እየሄድኩ መጣሁ። 8 ሰዓት ላይ መደበቱ አልጠፋም፣ ግን ዓይኔ አልተከደነም።

ጥፋቱ የመጣው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ማታ የሠራሁትን ክክ አልጫ ሐሙስ ጠዋት ቸኩዬ ለብ ብቻ አድርጌ ምሳ ዕቃ ውስጥ ጨመርኩት። 6፡30 ስከፍተው ላዩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ነበረው። ሽታውም ኮምጠጥ ብሏል። አንዷ ጓደኛዬ ክክ ነው እንዲህ ይላል ብላ ልትቀምስ ነበር፤ ከለከልኳት። ደፋሁትና በያይነት ገዛሁ።

ያኔ ነው የ1ኛው ወንድም ጥያቄ የገባኝ። ባለሙያዋም እንዲህ አብራራችው፦ ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ምግብ ወይ ፈልቶ እየተነፈሰ፣ ወይ ከፍሪጅ ቀዝቅዞ መሆን አለበት፤ ከሁሉ የከፋው ለብ ያለው ነው። ለብታ ምግቡን የሚያበላሸው ነገር የሚራባበት ሙቀት ነው። አሁን ሙቀት የሚይዝ ምሳ ዕቃ ገዝቻለሁ። ጠዋት መጀመሪያ የፈላ ውሃ ሞልቼበት አምስት ደቂቃ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ውሃውን ደፍቼ የፈላውን ወጥ እጨምራለሁ። ሩዝ ላይ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ እንዳደርግ ነገረችኝ፤ ውጪ ያደረ ሩዝ እንደገና ቢፈላም መርዙ ላይጠፋ ይችላል። አዚፋው በተቃራኒው ቀልሎኛል። ከፍሪጅ በቀጥታ ወጥቶ በሰናፍጭና በሎሚ ቀዝቃዛውን ይበላል። ዓርብን ያተረፈልኝ እሱ ነው።

15ኛው የመብራቱን ጉዳይ አነሣ። ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ እነሱ ጋ ባለፈው ወር መብራት ሙሉ ቀን ጠፍቶ ቁሌቱን በሙሉ ደፍቷል። ፍሪጁን በየሰዓቱ እየከፈተ ሲያይ ነበር። ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ጥቅጥቅ ብሎ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ሁለት ቀን ገደማ። የሚከፍተው ሰው ግን ይህን ሁሉ ያባክነዋል። የእሱ ዘዴ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለውን ባዶ ቦታ ውሃ በሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላት ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለቱን ወደ ታች ያወርዳቸዋል።

አንድ ሌላ ሰው በዚያው ላይ ከታች ጨመረበት፤ መብራቱም ፍሪጁም የማይታመንበት ሰፈር ያለ ሰው በቁሌት ፈንታ በደረቅ ነገር ሳምንቱን ይያዝ አለ። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ምጥን ሽሮ። ምጥን ሽሮ ቅመሙ ሁሉ ስላለበት ብዙ ቁሌት አይጠይቅም፤ አንድ ሽንኩርትና አንድ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል። ይህን እናታችን ከአቃቂ ወደዱት። ከመጀመሪያውም እንዲህ ብትሉ ኖሮ አልቆጣም ነበር አሉ።

ያልተቋጨ ነገር አለ። ቁርስ። ሰበታው ቁርስ ግድ አይደለም ይላል። ባለሙያዋ 4 ሰዓት ላይ የሚርበኝ ከሆነ ጠዋት አንድ ኩባያ በሶ ብጠጣ ይሻላል ትላለች፤ ግን ካልራበኝ በግድ እንድበላ አትፈልግም። 11፡45 ላይ ከቤት የሚወጣ ሰው መቼ ነው የሚርበው? እኔ ለጊዜው በሶውን በትንሽ ጠርሙስ በጥብጬ ቦርሳ ውስጥ እይዛለሁ። ታክሲው ቃሊቲ ሲደርስ አንዳንድ ቀን እጠጣዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ቢሮ ይደርሳል።

ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ሚዛን ገና አልወጣሁም፤ ባለሙያዋ ከወር በፊት አትውጪ ብላኛለች። አዲሱ ጀሪካን ላይ የተከፈተበትን ቀን በማርከር ጽፌበታለሁ፦ ጥቅምት 9። ዛሬ ጥቅምት 27 ነው፤ ወንድሜ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ ሲያየው ከግማሽ በላይ አለ። በዚህ እሁድ ሽንኩርቱን ማን እንደሚከትፍ ግን ገና አልተስማማንም።